ልጅዎ ለአገር አቀፍ የአትሌቲክስ ማጣሪያ ስትሄድ ለትምህርት ቤት የፈቃድ ማመልከቻ እንዴት ይጻፋል?

ትምህርት ቤቶች ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ብዙ ጊዜ «ይሁን» ይላሉ። ችግሩ የሚመጣው ከፈቃዱ በኋላ ነው። ልጅቷ ስትመለስ የስም መቆጣጠሪያው ላይ «ቀሪ» ተብላ ትገኛለች፣ ወይም ባልተገኘችበት ቀን የተሰጠው ከ10 የሚያዝ ፈተና ዜሮ ሆኖ ይጠብቃታል። ስለዚህ ማመልከቻው ፈቃድ ብቻ ሳይሆን የትኞቹ ቀናትና የትኞቹ ፈተናዎች እንደሆኑም በስማቸው መጠየቅ አለበት።

ለምሳሌ እንዲሆነን አንዲት የደብረ ብርሃን የ10ኛ ክፍል ተማሪ እንያዝ። አሰላ በሚካሄደው ከ20 ዓመት በታች ሻምፒዮና ላይ በ1500 ሜትር ክልሏን ወክላ ትሮጣለች እንበል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ከቡድኑ ያግኙ

የወላጅ ማመልከቻ ብቻውን ክብደት የለውም። መመረጧን የሚገልጽ፣ ቁጥርና ማኅተም ያለው ደብዳቤ ከክለቡ ወይም ከስፖርት ጽሕፈት ቤቱ ያስፈልጋል። «ለሚመለከተው ሁሉ» ከሚል ይልቅ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ የተጻፈ ቢሆን ይሻላል። ሲቀበሉ ስሟን ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። አሠልጣኞች ልጆቹን በሜዳ ስማቸው ይጠሯቸዋል፣ አንዳንዴም ደብዳቤው ላይ ይኸው ስም ይሰፍራል። የሪከርድ ክፍሉ ሠራተኛ መዝገቡ ላይ ያላገኘውን ስም አያስተናግድም።

ቀኖቹን መቁጠር

አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው እዚህ ላይ ስለሆነ ጊዜ ይውሰዱበት።

የውድድር መርሐ ግብር አንዳንዴ በፈረንጆች አቆጣጠር ይወጣል። «24 ማርች» የሚለውን «መጋቢት 24» ብሎ መገልበጥ የተለመደ ስህተት ነው። በ2018 ዓ.ም. ማርች 24 የሚውለው መጋቢት 15 ላይ ስለሆነ የዘጠኝ ቀን ልዩነት አለው። በተሳሳተ ሳምንት የተሰጠ ፈቃድ ደግሞ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል። ማመልከቻው ላይ ከቀኑ ጋር ዕለቱንም ይጻፉ፦ «ማክሰኞ መጋቢት 15»። ቀኑ ቢሳሳት እንኳ ከዕለቱ ጋር ስለማይገጥም አንባቢው ወዲያው ይነቃል።

ቀጥሎ የምትሮጥበትን ርቀት ያስቡ። 1500 ሜትር ብዙ ጊዜ ማጣሪያና ፍጻሜ ስላለው ሁለት የውድድር ቀን ይፈልጋል፤ 5000 ሜትር ግን አብዛኛውን ጊዜ በቀጥታ ፍጻሜ ነው። በምሳሌያችን ማጣሪያው ማክሰኞ፣ ፍጻሜው ሐሙስ ነው። «እንግዲያው ሦስት ቀን ይበቃል» ብሎ መጻፍ ግን አያዋጣም። ቡድኑ በአንድ አውቶቡስ ሄዶ በዚያው ስለሚመለስ፣ ማክሰኞ ከማጣሪያ የወደቀችም ልጅ ውድድሩ እስኪያልቅ እዚያው ትቆያለች። የሚቆጠረው ከመነሻው ሰዓት እስከ መመለሻው ነው። አሠልጣኙን «መቼ ትሮጣለች?» ብቻ ሳይሆን «አውቶቡሱ መቼ ተነስቶ መቼ ይገባል?» ብለው ይጠይቁ። ሰኞ ተነስቶ እሑድ ማታ የሚገባ ከሆነ አምስት የትምህርት ቀን ይሆናል።

«ለውድድሩ ጊዜ» ወይም «ለጥቂት ቀናት» የሚሉ አነጋገሮችን ይተዉ። ርዕሰ መምህሩ ለመምህራን የሚያስተላልፈው የተቆረጠ ቀን ያስፈልገዋል።

የሚያመልጣትን ፈተና ይለዩ

ልጅቷ ራሷ የየትምህርቱን መምህር ጠይቃ በነዚያ ቀናት ምን ፈተና፣ ምን የቡድን ሥራ እንዳለ ዝርዝር ታምጣ። ማመልከቻው ላይ የምትክ ፈተና የሚጠየቀው ይህንን ዝርዝር ይዞ ነው። «ያመለጣት ሁሉ እንዲሰጣት» ተብሎ በጅምላ ከተጠየቀ፣ መምህሩ «እኔን የጠየቀኝ የለም» ሊል ይችላል።

አንድ ገደብ ግን አለ። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መርሐ ግብር በትምህርት ቤቱ እጅ አይደለም። ውድድሩ ከእሱ ጋር ከተጋጨ ርዕሰ መምህሩን መለመን ጊዜ ማባከን ነው።

ደብዳቤው

ከአንድ ገጽ አይብለጥ። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው» የሚለውን የቢሮ መግቢያ ዝለሉት፤ ቦታ ከመያዝ ሌላ ጥቅም የለውም። ስለ ልጅቷ ተሰጥኦ ማውራትም አያስፈልግም፤ መመረጧን የክለቡ ደብዳቤ ይናገራል።

> ቀን፦ መጋቢት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.
>
> ለ__________ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር
> ደብረ ብርሃን
>
> ጉዳዩ፦ የ5 የትምህርት ቀናት ፈቃድና የምትክ ፈተና ስለመጠየቅ
>
> በትምህርት ቤቱ የ10ኛ «ለ» ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ __________ አሰላ ከተማ በሚካሄደው ከ20 ዓመት በታች የአትሌቲክስ ሻምፒዮና በ1500 ሜትር ክልሉን ወክላ እንድትወዳደር ተመርጣለች። ማጣሪያው ማክሰኞ መጋቢት 15፣ ፍጻሜው ሐሙስ መጋቢት 17 ነው። ቡድኑ ሰኞ መጋቢት 14 ጠዋት ተነስቶ እሑድ መጋቢት 20 ማታ ይመለሳል።
>
> ስለዚህ ከሰኞ መጋቢት 14 እስከ ዓርብ መጋቢት 18 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ፈቃድ እንዲሰጣትና የስም መቆጣጠሪያው ላይ በፈቃድ እንደቀረች እንዲመዘገብላት በአክብሮት እጠይቃለሁ። ሰኞ መጋቢት 21 ትምህርቷን ትቀጥላለች።
>
> በእነዚህ ቀናት ረቡዕ ከ10 የሚያዝ የሒሳብ ፈተና፣ ዓርብ ደግሞ የኬሚስትሪ የቡድን ሥራ ማቅረቢያ አለ። ሁለቱንም ከመጋቢት 21 እስከ 25 ባለው ሳምንት መምህራኑ በሚመርጡት ሰዓት እንድትሠራ እንዲፈቀድላት እጠይቃለሁ። ያመለጣትን ማስታወሻ ማሟላቷን እኔ እከታተላለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
> የወላጅ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ
>
> አባሪ፦ የመመረጫ ደብዳቤ 1 ገጽ
> ግልባጭ፦ ለክፍል ኃላፊ መምህር

ከአሠልጣኙ ሌላ ሴት የቡድን ተጠሪ ካለች የሁለቱንም ስልክ ከፊርማው በታች ይጨምሩ። ትምህርት ቤቱ ልጅቷ ከማን ጋር እንደምትጓዝ መጠየቁ አይቀርም።

ማስገባቱና መከታተሉ

ከጉዞው አሥር ቀን ገደማ ቀደም ብለው በሁለት ቅጂ ያቅርቡ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፣ ሌላው ላይ «ገቢ» ተብሎ ቁጥርና ቀን ይጻፍልዎትና ይዘውት ይመለሱ። በቴሌግራም ፎቶ መላክ ለክፍል ኃላፊው ማሳሰቢያ እንጂ ማመልከቻ አይሆንም።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኮሪደር ላይ «ችግር የለም፣ ትሂድ» ሊል ይችላል። ደስ ይላል፣ ግን መዝገብ ላይ የለም። «ተፈቅዷል» ብሎ ማመልከቻው ራስጌ ላይ እንዲመራበትና እንዲፈርምበት በትህትና ይጠይቁ። የፈረመበትን ፎቶ ኮፒ ልጅቷ ለሒሳቡና ለኬሚስትሪው መምህር ከጉዞው በፊት ራሷ ታሳይ። የምትክ ፈተናው ቀን ያኔውኑ ቢቆረጥ ጥሩ ነው፤ ከተመለሰች በኋላ መምህሩ የሌላ ክፍል ወረቀት ማረም ውስጥ ይገባል።

ካሸነፈች ለብሔራዊ ቡድን ዝግጅት ልትጠራ ትችላለች። ያንን በዚህኛው ማመልከቻ ላይ አይጨምሩ። «ምናልባት ለሁለት ወር» የሚል ሐረግ ያየ ርዕሰ መምህር የአምስቱንም ቀን ነገር ለስብሰባ ያቆየዋል። ጥሪው በደብዳቤ ሲመጣ ያንን አባሪ አድርገው አዲስ ማመልከቻ ይጻፉ፣ የመጀመሪያውን የገቢ ቁጥርም ይጥቀሱ።