«ምክሬ በነፃ ነው» የሚልን የገንዘብ አማካሪ እንዴት እንመዝነው?

ድሬዳዋ ውስጥ ገንዘብ ይዞ ምክር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። ሱቁን የሸጠ አለ፣ ጡረታ የወጣ አለ፣ ልጁ ከውጭ የላከለት አለ። መካሪውም የዚያኑ ያህል በዝቷል። ከዚራ ቢሮ የተከራየውም፣ ብሮሸር ይዞ ቤት ለቤት የሚዞረውም ራሱን «የፋይናንስ አማካሪ» ይላል። እዚህ ስለ አንዱ ዓይነት ብቻ እንነጋገር፤ አክሲዮን ግዙ ብሎ ስለሚመክረን ሰው።

ምሳሌ እንውሰድ። ሳቢያን የሚኖሩ አንዲት እናት መጋላ የነበራቸውን ሱቅ ሸጠው 600,000 ብር ይዘዋል እንበል። ወለድ አይወስዱም። ከዓመት በኋላ ልጃቸውን ይድራሉ፤ ለሠርጉ 150,000 ብር ለይተው ማስቀመጥ ይፈልጋሉ። አንድ ወጣት ቤታቸው መጣና «እናቴ፣ እኔ ለምክሬ ምንም አልጠይቅዎትም። በምስረታ ላይ ያለ አንድ ጥሩ ድርጅት አለ። የ500,000 ብር አክሲዮን ቢይዙ ይሻልዎታል» አላቸው።

አንደኛ፦ ፈቃዱን ማየት

ወጣቱ የሚያሳየው ወረቀት የንግድ ፈቃድ ሊሆን ይችላል። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ያለው ሰው ሕጋዊ ነጋዴ ነው። ይህ ግን ስለ አክሲዮን የመምከር ፈቃድ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ለዚህ ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ነው። ስለዚህ «ፈቃድ አለዎት?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ። ማን እንደሰጠው፣ በማን ስም እንደተሰጠና ለየትኛው ሥራ እንደሆነ ጠይቁ። አክሲዮን የማገበያየት ፈቃድና የኢንቨስትመንት አማካሪ ፈቃድ ይለያያሉ። ከዚያ የሰጧችሁን ስም ራሳችሁ ከባለሥልጣኑ ጋር አመሳክሩ። ድረ ገጹ ecma.gov.et ነው። እሱ በስልኩ ከፍቶ ያሳያችሁን ገጽ አትመኑ፤ በራሳችሁ ስልክ፣ ወይም ስማርት ስልክ በሚይዝ የቤተሰብ ሰው አስከፍቱ።

ስለ ትምህርቱም አንድ ነገር ልበል። በአካውንቲንግ ዲግሪ ያለው፣ ኤሲሲኤ የሚባለውን ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሙያ ፈተና የጨረሰ ሰው ሂሳብ ያውቃል። መጠየቅም ይገባዋል። ነገር ግን የሂሳብ ሙያ የምስክር ወረቀት የማማከር ፈቃድን አይተካም። ኢንሹራንስ የሚሸጥላችሁ ወኪል ደግሞ ፈቃዱን ያገኘው ከብሔራዊ ባንክ ነው፤ የሚወክለውም ኩባንያውን እንጂ እናንተን አይደለም።

ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ጥሩ ይመክራል ማለት አይደለም። ፈቃድ የሚጠቅመው አቤት ስትሉ የሚሰማችሁ አካል እንዲኖር ነው። ዋናው ሥራ ከዚህ በኋላ ይጀምራል።

ሁለተኛ፦ ማን እንደሚከፍለው ማወቅ

ወደ እናታችን እንመለስ። ምክሩ በነፃ ነው ተብለዋል። አሁን ወረቀት ይውጣና እናስላ። በምስረታ ላይ ያሉ ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ ከአክሲዮኑ ዋጋ በላይ የአገልግሎት ክፍያ ይጠይቃሉ። በእኛ ምሳሌ 5 በመቶ ነው እንበል። ለ500,000 ብር አክሲዮን 25,000 ብር ተጨማሪ ይከፈላል ማለት ነው። ይህ ገንዘብ አክሲዮን አይሆንም፣ ትርፍም አያመጣም። ድርጅቱ ከዚያ ላይ ለሻጩ ከሽያጩ 3 በመቶ ኮሚሽን ይሰጣል ብንል፣ የወጣቱ ድርሻ 15,000 ብር ነው። ኪሳቸው ውስጥ እጁን ሳይከት ከእሳቸው ገንዘብ ተከፈለው።

ይህ ብቻ አይደለም። ከ600,000 ላይ 525,000 ሲወጣ 75,000 ብር ይቀራል። የሠርጉ ገንዘብ በግማሽ ጎደለ። ገና በምስረታ ላይ ያለ ድርጅት አክሲዮን ደግሞ «ሠርግ ደረሰብኝ» ተብሎ በቶሎ የሚሸጥ ነገር አይደለም። ወጣቱ ለምን 500,000 አለ? 300,000 ቢል ኖሮ ኮሚሽኑ ወደ 9,000 ይወርድ ነበር። ክፋት ላይኖርበት ይችላል። ድርጅቱንም ከልቡ ያምንበት ይሆናል። ግን የሚከፈለው ብዙ ሲሸጥ ስለሆነ፣ ቁጥሩ ሳያስበውም ወደ ላይ ይሄዳል።

ሌላው አከፋፈል ለምክሩ ብቻ የተቆረጠ ዋጋ ነው። አማካሪው ለአንድ ምክር 5,000 ብር ቢያስከፍል፣ እናታችን አክሲዮን ገዙም፣ ከወለድ ነፃ ሂሳብ ውስጥ አስቀመጡም፣ የሚያገኘው ያው 5,000 ነው። እኔ ይህን እመርጣለሁ። 5,000 ብር አውጥቶ ወሬ መስማት ለብዙ ሰው ይከብዳል፤ ይገባኛል። በዚህ ምሳሌ ግን «በነፃ» የተባለው ምክር 25,000 ብር አስወጥቷል።

ሦስተኛው አከፋፈል ካላችሁ ገንዘብ ላይ በየዓመቱ በመቶኛ መክፈል ነው። 1 በመቶ ቢሆን ለ600,000 ብር በዓመት 6,000 ነው። እዚህ ላይ ያለው ችግር አማካሪው ገንዘቡ እሱ ዘንድ እንዲቆይ መፈለጉ ነው። «ቤቴን ላድስበት» ስትሉ ፊቱ ሊጠቁር ይችላል።

ሦስተኛ፦ የጥቅም ግጭቱን በጽሑፍ ማስቀመጥ

ኮሚሽን ብቸኛው የጥቅም ግጭት አይደለም። አማካሪው ራሱ የድርጅቱ መስራች ሊሆን ይችላል። ወንድሙ ቦርድ ውስጥ ሊኖር ይችላል። በእኛ ከተማ ሰው ሁሉ ዘመዳሞችና የሰፈር ልጆች ስለሆንን ይህ ብርቅ አይደለም። መደበቁ ነው ጥፋቱ። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ወረቀት ላይ ጻፉና መልሱን ጽፎ እንዲፈርም ጠይቁ፦

«ይህን ብገዛ ከማን ስንት ብር ያገኛሉ?»
«ምንም ባልገዛስ?»
«በዚህ ድርጅት ውስጥ እርስዎ ወይም ቤተሰብዎ ድርሻ አላችሁ?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚጠበቀው መልስ ቁጥር ነው። «ትንሽ ነገር ትኖራለች» መልስ አይደለም። «አያምኑኝም እንዴ?» ማለትም መልስ አይደለም። ታማኝ አማካሪ «15,000 አገኛለሁ፤ ካልገዙ ምንም የለኝም» ብሎ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን ሰው ቁጭ ብላችሁ ልትሰሙት ትችላላችሁ፤ ምክሩን ግን ከሻጭ እንደመጣ አድርጋችሁ መዝኑት።

እሱስ ምን ጠየቃችሁ? ይህንንም አስተውሉ። ወጣቱ እናታችንን ገንዘቡ መቼ እንደሚያስፈልጋቸው አልጠየቀም። ወለድ ይወስዱ እንደሆነም አልጠየቀም። እነዚህን ሳያውቅ 500,000 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? አስቀድሞ የጠየቀ አማካሪ ቢሆን፣ በመጀመሪያ የሠርጉን 150,000 ለብቻው በማንኛውም ጊዜ የሚወጣ ከወለድ ነፃ ሂሳብ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር። ስለ አክሲዮን የሚያወራው በቀሪው 450,000 ላይ ነው፤ ሁሉንም በአንድ ድርጅት ላይ ያድርጉ አይልም።

ከመክፈል በፊት

ለሕዝብ አክሲዮን የሚሸጥ ድርጅት ባለሥልጣኑ ያጸደቀው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ፣ ማለትም ስለ ድርጅቱና ስለ አክሲዮኑ በዝርዝር የሚገልጽ ሰነድ፣ ሊኖረው ይገባል። ሰነዱን እንዲሰጧችሁ ጠይቁና የአገልግሎት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ድርጅቱ ባይመሠረት የትኛው ገንዘብ ተመላሽ እንደሚሆን ፈልጉ። አማካሪው በቃል ከነገራችሁ ጋር ካልገጠመ፣ የሚጸናው የተጻፈው ነው።

በመጨረሻ የምታስገቡበትን የባንክ ሂሳብ ስም አንብቡ። የድርጅቱ ስም መሆን አለበት። የአማካሪው ስም ከሆነ፣ ወይም «ለጊዜው በእኔ ቴሌብር ይላኩት» ከተባለ፣ ፈቃዱም ዲግሪውም ምንም ይሁን ምን ገንዘቡን አትላኩ።