ገንዘቡ ተቀንሶ «ክፍያው አልተሳካም» የሚል መልእክት ሲመጣ

በሞባይል ስትከፍሉ ገንዘቡ ከሒሳባችሁ ተቀንሶ ሳለ መተግበሪያው «ክፍያው አልተሳካም» ካላችሁ፣ እባካችሁ ወዲያውኑ ደግማችሁ አትክፈሉ። በመጀመሪያ የእናንተ ባንክ ገንዘቡን ይቀንሳል፤ ከዚያም ጥያቄው ወደ ተቀባዩ ባንክ ይተላለፍና ማረጋገጫው በዚያው መንገድ ይመለሳል። ማረጋገጫው በተወሰነው የጥበቃ ጊዜ ውስጥ ካልደረሰ መተግበሪያው ትክክለኛውን ውጤት ሳያውቅ «አልተሳካም» ሊል ስለሚችል፣ መልእክቱ ብቻውን ገንዘቡ ለተቀባዩ አለመድረሱን አያረጋግጥም። ሁለት ጊዜ የሚከፈለውም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

አጭር መልእክት ሊዘገይ ስለሚችል ማመን ያለባችሁ የሒሳብ መግለጫውን ነው። ለምሳሌ በ3፡15 የ500 ወጪ ተመዝግቦ በ3፡22 ያው 500 ተመላሽ ሆኖ ከታየ፣ ክፍያው ተሰርዟል ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ እንደገና መክፈል ይቻላል። ወጪው «በሂደት ላይ» ከተባለ ግን ገንዘቡ ለጊዜው ታግዶ ሊሆን ስለሚችል መጠበቅ ይሻላል። ወጪው ተጠናቅቆ ተመላሽ ካልታየ፣ ተቀባዩ የራሱን ሒሳብ ከፍቶ እንዲያይ ጠይቁት።

እሱም ካልደረሰው የግብይቱን መለያ ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ መጠኑንና የስክሪኑን ምስል ይዛችሁ ለባንካችሁ አመልክቱ። ተመላሹ በደቂቃዎች ሊገባ ወይም ጥቂት የሥራ ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሃል «ገንዘብዎን ልመልስ» ብሎ የሚደውል ሰው የሚስጥር ቁጥር ከጠየቀ አጭበርባሪ ነውና ስልኩን ዝጉበት።