ስም ፍለጋ 9 ቀን ከፈጀብን በኋላ የሠራልን ነገር

ከእህቴ ጋር የበርበሬና የሽሮ ማሸጊያችንን ስም ልናወጣ 9 ቀን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ስንጨቃጨቅ ነበር። መቶ ምናምን ስም ወጣ፣ አንዱም አልጸደቀም። ድምፅ አሰጠን፣ አልሆነም። ሰው ጨመርን፣ ባሰ።

በኋላ ነው የገባኝ፤ ስሞቹን የምንጥለው እያንዳንዳችን በየራሳችን ሚዛን ነበር። ስለዚህ ስም ማቅረብ አቁመን ስሙ ማሟላት ያለበትን በግማሽ ገጽ ጻፍን።

ገዢው ማነው? አዲስ አበባ ያለ ሠራተኛ፣ ዋሽንግተን ያለ ዘመድም። ይህቺ መስመር ብቻ ብዙ ስም ጣለች። «ጥዑም» ደስ ይላል፣ ግን በላቲን ሲጻፍ «ጥ» ተራ T ይሆንና ቃሉ Tium ይሆናል፤ ያነበበው ሰው መልሶ አማርኛውን አያገኘውም። ቃናው የቤት እንዲሆን ተስማማን፣ ግን ቀልድ የለውም።

ርዝመቱ በአማርኛ ከ4 ፊደል እንዳይበልጥ፣ ምክንያቱም ከረጢቱ ጠባብ ነው። በላቲን ደግሞ ከ5 እንዳያንስ፤ ቴሌግራም ከዚያ ያጠረ የተጠቃሚ ስም በነጻ አይመዘግብም። የተከለከሉት፦ ሀበሻ፣ ሸገር፣ እማማ (ሰፈሩ ሁሉ ይዟቸዋል)፣ ጤናን የሚያስመስል ቃልም፤ ማስረጃ የለንማ።

የድሮውን ዝርዝር በዚህ ስናጣራ 6 ቀረ። እንደገና ተቀምጠን ስናስብ እህቴ «ሰፌድ» አለች። 3 ፊደል፣ Sefed፣ የሽሮው እህል ከመፈጨቱ በፊት የሚበጠርበት ዕቃ። የተከራከረ የለም። አንድ ያጠፋነው ነገር፦ የንግድ ምዝገባውን ያየነው መጨረሻ ላይ ነው። እሱም ገጹ ላይ መግባት ነበረበት።