ለ40 ደቂቃዋ ድርሰት፦ ብዕር ከመሮጡ በፊት

ድሬ ላይ ለአይኤልትስ የእንግሊዝኛ ፈተና የምትዘጋጁ፣ ለሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ መጀመሪያ 5 ደቂቃ ያዙና አቋማችሁንና ሁለት ምክንያት ብቻ ጫር ጫር አድርጉ።

ጥያቄው «የግል መኪና ከመሀል ከተማ ይታገድ?» ነው እንበል። አቋም፦ ይታገድ። ምክንያት፦ መንገዱ ለእግረኛ ይለቀቃል፤ አየሩ ይጸዳል። መካከለኞቹ ሁለት አንቀጾች ተገኙ ማለት ነው። እያንዳንዱ በምክንያቱ ይጀምር፣ ለምን እንደሆነ ያብራራ፣ በአንድ ምሳሌ ይዝጋ። ምሳሌ ከሩቅ አታምጡ፤ ገበያ መሀል ከመኪና ጋር የሚጋፋ እግረኛ ይበቃል።

የሁለቱን አንቀጾች የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ብቻ አንብቡ። አንድ ነገር ከደጋገሙ፣ ያላችሁ አንድ ምክንያት ነው፤ ቀይሩት። ሦስተኛ ምክንያት ግን ይቅርባችሁ፣ ሰዓት ይበላል።

መግቢያው ጥያቄውን በራሳችሁ ቃል ብሎ አቋም ይናገር። መደምደሚያው ያንኑ አቋም ይድገም፤ አዲስ ሐሳብ አይጨመርበት። ድርሰቱ በጠቅላላ ከ250 ቃል ካነሰ ነጥብ ያስቀንሳል።