ስፒከሩን ከመቀየራችሁ በፊት ወንፊቱን እዩት

የስልካችሁ ድምፅ ሲያንስ ወይም ሲጠፋ ብሉቱዝ አለመያያዙን፣ ድምፁ አለመቀነሱን፣ ከቨሩም ቀዳዳውን አለመድፈኑን አይታችኋል ብዬ ልጀምር። ደሴ ላይ «ስፒከሩ ሞቷል» ተብሎ ከሚመጣልኝ ስልክ አብዛኛው ስፒከሩ ደህና ነው። የተደፈነው ከፊቱ ያለው ወንፊት ነው፤ ከውጭ ከሚታዩት ቀዳዳዎች ጀርባ የተለጠፈች፣ ከሻይ ማጥለያ የደቀቀች ስስ መረብ።

እንዴት ይለያል? ዘፈን ክፈቱና ቀዳዳውን በጣታችሁ ድፈኑት። ጤነኛ ከሆነ ድምፁ ወዲያው ጭልም ይላል። ደፍናችሁትም ሳትደፍኑትም ያው ከሆነ፣ ከእናንተ ጣት በፊት የደፈነው ነገር አለ። ድምፁ ትንሽ ግን ንጹሕ ከሆነ ወንፊቱ ነው። ከፍ ሲደረግ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ግን ውኃ ወይም ብናኝ ወደ ውስጥ ዘልቆ ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ስስ ሽፋን ላይ አርፏል።

አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ የሐይቅ ከተማ ልጅ ነው፣ ወፍጮ ቤት ይሠራል። ሌላ ቦታ ሁለት ጊዜ ስፒከር አስቀይሯል። «ጋሼ፣ ሦስተኛውን አንተ ግጠምልኝ» አለኝ። ስከፍተው ሁለተኛው ስፒከር ገና አዲስ ነው፤ ወንፊቱ ግን የስልኩ አካል ላይ እንደተለጠፈ ቀርቷል። ዱቄትና ላብ ተቦክተው ደርቀው፣ የእንጀራ ምጣድ ላይ የቀረ ሊጥ መስሏል። ባለሙያ ነኝ ባዩ ሁለቴ ከፍቶ ሁለቴ አላየውም! አሮጌውን ወንፊት ነቅዬ ሌላ ለጠፍኩና ያንኑ ስፒከር መለስኩለት። ያኔ የድምፅ መልእክቱን ሲከፍት ራሱ ደነገጠ።

ቤት ውስጥ የሚቻለው ይህ ነው። ስልኩን አጥፉና ቀዳዳውን ወደ መሬት አዙሩት፤ የተነሳው ብናኝ መውደቅ አለበት እንጂ ወደ ውስጥ መግባት የለበትም። ለስላሳ፣ የደረቀ የሕፃን ጥርስ ብሩሽ ያዙና ሳትጫኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ጥረጉ። ከዚያ ፕላስተር ቆርጣችሁ ቀዳዳው ላይ ለጥፉ፣ በጥፍር ጫና አድርጉና ቀጥ አድርጋችሁ አንሱት። ግራጫ ነጠብጣብ ይዞ ይወጣል። በየጊዜው አዲስ ቁራጭ ተጠቀሙ፤ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ አሥር ጊዜም ይሁን። ሙጫው የቀለጠ አሮጌ ፕላስተር ግን አታቅርቡ፣ ራሱ ይደፍነዋል።

ላብና ቅባት ያጣበቀው ከሆነ የብሩሹን ጫፍ ብቻ በንጹሕ አይሶፕሮፒል አልኮል አርጥቡ። ጠብ የሚል ከሆነ በዝቷል፣ በጨርቅ አድርቁት። አልኮል ቅባቱን ይፈታል እንጂ የዱቄት ሊጥ አይፈታም፤ ሊጡ በብሩሽ ካልለቀቀ መክፈትና ወንፊቱን መለወጥ ነው። የእጅ ሳኒታይዘር ዝልግልግ ነው፣ አይሆንም። ቲነር ደግሞ የወንፊቱን ሙጫና ፕላስቲኩን ይበላል።

መርፌ! በየሳምንቱ መርፌ የወጋው ስልክ አያለሁ። ወንፊቱን ይቀድዳል፣ ከዚያ የስፒከሩን ሽፋን ይበሳል። ከታች በኩል ካሉት ቀዳዳዎች አንዱ ደግሞ ማይክ ነው፤ እሱን የወጋ ሰው ስፒከሩን አድኖ ድምፁን አጣ። የጎሚስታ ኮምፕረሰርም ያው ነው፤ ኮምቦልቻ አንድ ሹፌር ጎማ የሚነፋበትን አስጠግቶ ነፍቶበት ሽፋኑ ተሰንጥቆ መጥቶልኛል። በአፍ መንፋት ደግሞ ምራቅ መጨመር ነው።

ውኃ ከሆነ ብሩሹን ተዉት። አጥፉት፣ ቻርጅ አታድርጉት፣ ቀዳዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ቀስ ብላችሁ ምቱት። ከዚያ ነፋስ ባለበት ቦታ አንድ ቀን ይቀመጥ። የሐምሌ ጉም ሲሆን ሁለት ቀን አድርጉት። ወደ ከሰል ምድጃም አታስጠጉት። ሩዝ ውስጥ መቅበር ዱቄቱን ይጨምርበታል፣ ከወፍጮ ቤቱ ልጅ ጋር ያመሳስላችኋል። በወፍራም ድምፅ አንቀጥቅጦ ውኃ የሚያስወጣ መተግበሪያ ለንጹሕ ውኃ ይረዳል፤ ስልኩ ከደረቀና ተመልሶ ከበራ በኋላ ቀርታ የምታፍነውን ጠብታ ያስወጣል። የደረቀ ሊጥ ላይ ዋጋ የለውም። ለስላሳ መጠጥ ወይም ሻይ በስኳር ከሆነ ሳይደርቅ ወደ ጠጋኝ ሂዱ።

ብየዳ ቤት ለሚሠሩ፦ የስፒከሩ ማግኔት የብረት ብናኝ ይስባል፤ ያንን ብሩሽ አይነቅለውም፣ ስፒከሩ ይቀየራል። የማንም ስልክ ስፒከር ጭራሽ ዝም ካለ ግን በመልቲሜትር ለኩት። የስልክ ስፒከር ብዙውን ጊዜ 8 ኦም አካባቢ ያነባል፤ ምንም ካላነበበ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል፣ ያኔ መቀየር ትክክል ነው። ስትቀይሩ ግን የወንፊቱን ነገር ጠጋኙን ጠይቁት፣ እያያችሁ ይክፈተው።