ለልቦለዳችሁ ቋንቋ ስትፈጥሩ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ፋንታሲ የሚጽፉ ልጆች ቋንቋ ሲፈጥሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከመዝገበ ቃላት ነው፣ ቤት እንዲህ ይባል ውሃ እንዲያ ይባል እያሉ ቃል ይደረድሩና የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ይተኩታል። ይሄ ሚስጥራዊ ኮድ ነው እንጂ ቋንቋ አይደለም፣ አንባቢውም ምን እንደሆነ መናገር ባይችል እንኳ አንድ ነገር ይሸተዋል። የራሳችሁን መፈተን ከፈለጋችሁ "ራበኝ" የሚለውን በቋንቋችሁ በሉት። በአማርኛ ግሱ የሚረባው በ"እሱ" ነው፣ የራበው ሰውዬ ደግሞ ተደራጊ ሆኖ በ"ኝ" ጫፉ ላይ ይለጠፋል። የናንተም ልክ እንደዛ ሆኖ ከወጣ ቃሉ አዲስ ነው፣ ሰዋስው ግን የአማርኛ ነው። ማርክ ኦክራንድ በፈረንጆቹ 1984 ለወጣው የስታር ትሬክ ፊልም ክሊንጎንኛን ሲሠራ ሆን ብሎ በሰው ቋንቋዎች ብዙም የማይገኝ ቅደም ተከተል መረጠ፣ ተደራጊው ይቀድማል ግሱ ይከተላል አድራጊው መጨረሻ ይመጣል። መኮንኑ ልጁን ያያል ለማለት "ልጁን ያያል መኮንኑ" እንደማለት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ድምፅ ላይ ነው። እንግዳ እንዲመስል ብለው ጉሮሮ የሚቧጥጥ ድምፅ ሁሉ ይከምራሉ። ፖል ፍሮመር በ2009 ለወጣው አቫታር የናቪን ቋንቋ ሲሠራ ያስገባቸው ሦስት ድምፆች አሉ፣ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጆሮ ከሌላ ፕላኔት የመጡ ነው የሚመስሉት፣ ለኛ ግን ጵ፣ ጥ እና ቅ ናቸው፣ ቁርስ ላይ የምናወራቸው! እዚህ ጋ ልብ በሉልኝ፣ እንግዳነት የሚለካው በአንባቢው ጆሮ ነው። ለአማርኛ አንባቢ ቅ እና ጥ ብትጨምሩ ምንም አይገርመውም፣ ከስሞቹ ሁሉ ብታወጧቸው ግን ወዲያው ሌላ አገር የገባ ይመስለዋል። ፍሮመርም ለፊልሙ ብ፣ ድ እና ግ የሚባሉትን ድምፆች አውጥቷቸዋል፣ የቋንቋውን መልክ የሰጠው የገባው ብቻ ሳይሆን የቀረውም ነው።

ሦስተኛው ስህተት ለኔ ከሁሉም የባሰው ነው፣ ቋንቋው ትናንት የተፈጠረ መምሰሉ። ብዙ ቁጥሩ ሁሌ አንድ ዓይነት፣ አንድም ወጣ ያለ ቃል የለም። እኛ "መጽሐፎች" እያልን "መጻሕፍት"ም እንላለን፣ ሁለተኛው ከግዕዝ የቀረ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ቅሪት ነው ለቋንቋ ዕድሜ የሚሰጠው። ግን ዝም ብላችሁ በዘፈቀደ አታበላሹት፣ በሕግ አስረጁት። ለምሳሌ በጥንቱ ቋንቋችሁ ተራራ "ላፕ" ይሁን፣ ተራሮች "ላፒ"። ከዛ አንድ የድምፅ ለውጥ አውጡ፣ በሁለት አናባቢ መሃል የገባ ፕ ወደ ው ይቀየራል በሉ። አሁን አንዱ "ላፕ" ብዙው "ላዊ" ሆነ፣ የዛሬዎቹ ተናጋሪዎች ለምን እንደሆነ አያውቁም፣ እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ከለውጡ በኋላ ከጎረቤት ሕዝብ የተዋሱት ቃል ደግሞ ሕጉ አልደረሰበትምና "ቶፕ" ብዙው "ቶፒ" ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚህ ንግዱም ጦርነቱም ሳይተረክ ቃሉ ላይ ይታያል። ቶልኪን የሠራው ይሄንን ነው፣ ኩዌንያ እና ሲንዳሪን ከአንድ እናት ቋንቋ በተለያየ የድምፅ ለውጥ የወጡ ናቸው፣ ዛፍ ባንዱ "አልዳ" በሌላው "ጋላዝ" (ዙ ምላስ በጥርስ መሃል ገብቶ የሚባለው ነው) ይባላል፣ ሥሩ ግን አንድ ነው። አንድ ሕግ ስታወጡ ታዲያ ቃላቶቻችሁ ሁሉ ላይ አስኪዱት፣ አንዱን ስላማረባችሁ ብቻ ካስቀራችሁት ተንኮለኛ አንባቢ ያገኘዋል።

የመጨረሻው፣ ታሪኩ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈውን ስም መርሳት። ምዕራፍ አንድ ላይ የከተማና የሰው ስም በዘፈቀደ ተሰጥቷል፣ ቋንቋው የሚሠራው ዓመት ቆይቶ ነው፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። ዴቪድ ፒተርሰን ለጌም ኦፍ ትሮንስ ቫሊሪያንን ሲሠራ ፊልሙ የተወሰደበት መጽሐፍ ውስጥ "ቫላር ሞርጉሊስ" የሚል ነበር፣ ትርጉሙ ሰው ሁሉ መሞት አለበት ነው። ቃሉ ሁለት ብቻ፣ "ሁሉ" የሚል የለ "አለበት" የሚል የለ። እሱ ግን ሐረጉን አልነካውም፣ ሰዋስውን ከሱ አወጣው። "ሁሉ"ን ስሙ ውስጥ ከተተው፣ ቫላ አንድ ሰው፣ ቫሊ ሰዎች፣ ቫሉን ጥቂት ሰዎች፣ ቫላር ሰው ሁሉ፣ ከዛ ይሄ አራት ዓይነት ቁጥር ለቋንቋው ስሞች በሙሉ ሕግ ሆነ። "አለበት"ን ደግሞ ሁሌም እውነት ለሆነ ነገር የሚያገለግል የግስ ቅርጽ ላይ ጣለው። እናንተም ሰዋስው ከመጻፋችሁ በፊት ረቂቃችሁ ውስጥ ያሉትን ስሞች በሙሉ አንድ ገጽ ላይ ልቀሟቸው፣ የሚደጋገም መነሻና መድረሻ ድምፅ ፈልጉ፣ ሦስት ከተማ በ"ር" ካለቀ ያ "ር" "ቦታ" ማለት ይሁን፣ ያላለቀችው አራተኛዋ ከተማ ደግሞ ሌላ ሕዝብ የቆረቆራት ትሁን።