R² 0.98 አሳየ ማለት ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው? የትሬንድ ላይን ችግሮችና መፍትሄያቸው

ምሳሌያችን ይህ ነው። አንድ ድርጅት በየወሩ ስንት ማስታወቂያ እንዳወጣና ስንት አዲስ ደንበኛ እንደመጣለት ለስምንት ወር መዝግቧል። ቁጥሮቹን ለማሳያ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ኤክሴል ላይ ገልብጣችሁ አብራችሁኝ መሥራት ትችላላችሁ። ወሩን A፣ ማስታወቂያውን B፣ ደንበኛውን C አምድ ላይ አስገቡ። አንደኛው ረድፍ ለርእስ ይሁን።

| ወር | ማስታወቂያ | ደንበኛ |
|---|---|---|
| 1 | 10 | 100 |
| 2 | 14 | 108 |
| 3 | 15 | 120 |
| 4 | 20 | 129 |
| 5 | 22 | 142 |
| 6 | 27 | 153 |
| 7 | 28 | 160 |
| 8 | 33 | 170 |

ችግር፦ "Add Trendline" የሚለው ምርጫ አይመጣም

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የነካችሁት ቦታ ነው። የቻርቱን ባዶ ሜዳ በቀኝ ክሊክ ከነካችሁ የሚመጣው ሌላ ሜኑ ነው። ነጥቦቹን ራሳቸውን መንካት አለባችሁ።

ከ B1 እስከ C9 ምረጡ። `Insert` ውስጥ ገብታችሁ `Scatter` የሚለውን፣ መስመር የሌለበትን የመጀመሪያውን ዓይነት ውሰዱ። ከዚያ አንዱ ነጥብ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ `Add Trendline`፣ `Linear`። በጎን በሚከፈተው ሳጥን ታችኛው ክፍል `Display Equation on chart` እና `Display R-squared value on chart` የሚሉትን ምልክት አድርጉባቸው። ቻርቱ ላይ ይህ መውጣት አለበት፦

```
y = 3.1582x + 68.532
R² = 0.982
```

ችግር፦ መስመሩ ወጣ፣ ቀመሩ ግን ሌላ ነው

እናንተ ጋ `y = 10.262x + 89.071` ከወጣ፣ ቻርቱ ማስታወቂያውን ጭራሽ አላየውም። ሁለት ምክንያት ሊኖር ይችላል። አንደኛው በ`Scatter` ፈንታ `Line` መምረጥ ነው። ሁለቱ ቻርቶች ለዓይን ይመሳሰላሉ፣ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። `Line` ቻርት ታች ያለውን ቁጥር እንደ ስም ነው የሚቆጥረው። 10፣ 14፣ 15 የሚለውን ትቶ 1፣ 2፣ 3 እያለ በተራ ይሄዳል። መፍትሄው ቻርቱን አጥፍቶ፣ ከ B1 እስከ C9 እንደገና መርጦ `Scatter` ማስገባት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ተደብቆ የሚያደክም ነው፦ ቁጥሮቹ እንደ ጽሑፍ ተቀምጠው ይሆናል። ከሌላ ቦታ ኮፒ ተደርገው የመጡ ቁጥሮች ላይ በብዛት ይታያል። `=ISNUMBER(B2)` ብላችሁ ሞክሩ። `FALSE` ካለ አምዱን መርጣችሁ `Data` ውስጥ `Text to Columns`፣ ከዚያ ወዲያው `Finish` በሉ።

ግን ይህን የተሳሳተ ቻርት ከመዝጋታችሁ በፊት R² ስንት እንደሆነ እዩልኝ። 0.9967 ነው። ከትክክለኛው ይበልጣል! ያዙት፣ እንፈልገዋለን።

ችግር፦ R² 0.982 ወጣ፤ አለቃ "በቃ፣ ማስታወቂያውን እጥፍ እናድርግ" አለ

ትልቁ ችግር ይህ ነው። ምክንያቱም ኤክሴል ላይ ምንም የተበላሸ ነገር የለም። የተበላሸው አነባበቡ ነው።

R² የሚነግረን ነጥቦቹ ለመስመሩ ምን ያህል እንደቀረቡ ብቻ ነው። በኛ ምሳሌ፣ ከወር ወር ከሚታየው የደንበኛ ቁጥር መለያየት 98 በመቶ ያህሉ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይሄዳል። ማን ማንን እንደጎተተ አያውቅም። ካላመናችሁ አምዶቹን አገላብጣችሁ ሞክሩ፦

```
=RSQ(C2:C9,B2:B9)
=RSQ(B2:B9,C2:C9)
```

ሁለቱም 0.982 ይሰጣሉ። ስለዚህ "ማስታወቂያ ደንበኛ አመጣ" ለሚለው ማስረጃ ከሆነ፣ "ደንበኛ ማስታወቂያ አመጣ" ለሚለውም እኩል ማስረጃ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ቀልድ አይደለም። ደንበኛ ሲበዛ ገቢ ይጨምራል፣ ገቢ ሲጨምር ለማስታወቂያ የሚመደበው ገንዘብም አብሮ ያድጋል።

አሁን ወደዚያ የተሳሳተ ቻርት እንመለስ። እዚያ የደንበኛውን ቁጥር የገመተው 1፣ 2፣ 3 የሚለው የወር ተራ ቁጥር ብቻ ነበር። እሱ 0.9967 አገኘ፣ ማስታወቂያው 0.982። ማለትም ስለ ማስታወቂያ ምንም የማያውቅ ሰው፣ "ስንተኛው ወር ነው?" ብሎ ብቻ ቢጠይቅ፣ የተሻለ ይገምታል። ሁለቱም አምዶች ከወር ወር እያደጉ ነው። አብረው የሚያድጉ ሁለት ነገሮች ዝምድና ባይኖራቸውም R² ከፍ ይላል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ብሪታኒያዊው የስታትስቲክስ ሊቅ ዩል በ1926 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከ1866 እስከ 1911 በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የተፈጸሙ ጋብቻዎች ድርሻና የሞት መጠን 0.95 የሆነ ዝምድና እንዳላቸው አሳይቶ ነበር። ሁለቱም በነዚያ ዓመታት እየቀነሱ ነበርና ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጋባት ሰው ይገድላል ያለ የለም።

መፍትሄው የጊዜን ድርሻ ማውጣት ነው። ቀላሉ መንገድ ጠቅላላውን ቁጥር ትቶ ለውጡን መመልከት ነው። D3 እና E3 ላይ እነዚህን ጻፉ፣ እስከ ረድፍ 9 ወደ ታች ጎትቱ፦

```
D3: =B3-B2
E3: =C3-C2
=RSQ(E3:E9,D3:D9)
```

መልሱ 0.015 ነው። ከ0.982 ወደ 0.015! ለምን እንደሆነ ሁለቱ አምዶች ላይ በዓይን ይታያል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ወር ማስታወቂያ በ1 ብቻ ጨመረ፣ ደንበኛ ግን በ12። በቀጣዩ ወር ማስታወቂያ በ5 ዘለለ፣ ደንበኛ በ9 ብቻ። ማስታወቂያው ብዙ የጨመረበት ወር ደንበኛው ብዙ የጨመረበት ወር አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ወደ ሌላኛው ጽንፍ እንዳትሄዱ። "ማስታወቂያ አይሠራም" ማለትም አይቻልም። ሰባት ለውጥ በጣም ትንሽ ነው። ማስታወቂያ ያየ ሰው ከወር በኋላ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ የአንድን ወር ማስታወቂያ ከዚያው ወር ደንበኛ ጋር ማነጻጸሩ ራሱ ይስታል። E አምድን ካለፈው ወር D ጋር ማጣመር ይቻላል፣ ግን ነጥቦቹ ስድስት ይቀራሉ።

ምክንያቱን በእርግጥ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ማስታወቂያውን ራሱ መቆጣጠር አለበት። ለምሳሌ የሚቀጥሉትን 20 ሳምንታት ወስዶ፣ ለእያንዳንዱ ሳምንት ሳንቲም ይጣል። በአንዱ ገጽ ብዙ ማስታወቂያ፣ በሌላው ጥቂት። ከዚያ የሁለቱን ዓይነት ሳምንታት አማካይ የደንበኛ ቁጥር ያነጻጽር። ሳንቲሙ ስለ ገቢም ሆነ ስለ ወቅት አያውቅም። ስለዚህ በብዙና በጥቂት ሳምንታት መካከል ሰፋ ያለ ልዩነት ከታየ፣ በአጋጣሚ ነው ወይም በሌላ ነገር ነው ማለት ይከብዳል። ውጤቱ እየቆየ የሚመጣ ከሆነ በሳምንት ፈንታ ረዘም ያለ ጊዜ መመደብ ይሻላል።

እስከዚያው ቻርቱን ለስብሰባ ማቅረብ ግድ ከሆነ፣ ከሥሩ "አንድ ማስታወቂያ ሲጨመር ሦስት ደንበኛ ይመጣል" ብላችሁ አትጻፉ። ቁጥሩ የሚፈቅደው "ብዙ ማስታወቂያ በወጣባቸው ወራት ብዙ ደንበኛ ተመዝግቧል፤ ሁለቱም በስምንቱ ወራት እያደጉ ነበር" የሚለውን ነው። የለውጡን ቻርትም ጎኑ አስቀምጡት። አለቃው ራሱ "ይሄኛውስ ለምን ተበታተነ?" ብሎ ይጠይቃል።